ስላይዱ ቪዲዮ ሲሆን

አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ፎቶሲንተሲስን የሚያስረዳበት ስላይድ አለው እንበል። በ18 መጠን ፊደል የተጻፉ 6 ረጃጅም መስመሮች ሰፍረውበታል። ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር ሲታይ ይነበባል፤ ያልተነበበውንም መምህሩ በቃል ያሟላዋል። ቪዲዮውን ግን ብዙው ተማሪ የሚያየው በስልክ ነው። ስልኩን ወደ ላይ አቁሞ ከያዘው የስክሪኑ ስፋት 7 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የቪዲዮው ቁመት ደግሞ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ያ የ18 መጠን ፊደል እዚያ ላይ ከ1.3 ሚሊሜትር አይበልጥም። በአማርኛ ይህ ከባድ ችግር ነው፤ ቡንና ቢን የሚለያቸው ጭረቱ ከመሃል ወይም ከታች መውጣቱ ብቻ ነውና። ከ28 በታች ባይወረድ ይመረጣል።

ፊደሉ ሲተልቅ 6ቱ መስመሮች አንድ ስላይድ ላይ አይበቃቸውም። ስለዚህ ትምህርቱ ለአራት ይከፈል፦ ተክሉ የሚያስገባው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብርሃን የሚቀበለው ክሎሮፊል፣ የሚገኙት ግሉኮስና ኦክስጅን፣ በመጨረሻም ሁሉንም የሚያሳይ ሥዕል። ስላይዱ ላይ ዋናዎቹ ቃላት ብቻ ይቅሩ። ሙሉው ማብራሪያ ከስላይዱ ሥር ባለው Notes ይጻፍ፤ ተማሪው ረጅም ጽሑፍ እያነበበ ሌላ ነገር መስማት ይቸግረዋልና።

ፓወርፖይንት ላይ ቀረጻው የሚጀመረው Record ከሚለው ነው። ድምፁ ከእያንዳንዱ ስላይድ ጋር ለብቻው ስለሚያያዝ፣ ሦስተኛው ላይ ምላስ ቢያደናቅፍ From Current Slide ብሎ እሱን ብቻ ደግሞ መቅዳት ይቻላል፤ በሚቀጥለው ላይ እንዳይደርብ እዚያው ማቆም ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ግን አንድ ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ አንዱ ስላይድ ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ቅጽበት ድምፅ አይቀዳም። እየተናገሩ ካለፉ ቃል ይቆረጣል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የአዲሱ ስላይድ ማብራሪያ ከመሃል የጀመረ ይመስላል። መፍትሔው ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ አንድ ሰከንድ ያህል ዝም ማለት፣ ማለፍ፣ አዲሱ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ሲታይ መናገር ነው። ያቺ ዝምታ ለተማሪውም አዲሱን ርእስ የሚያይባት ጊዜ ትሆነዋለች።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ከFile ወደ Export፣ ከዚያ Create a Video ይሄዱና Full HD (1080p) ይመርጣሉ። Use Recorded Timings and Narrations መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ስላይድ በተሞላለት እኩል ጊዜ፣ ካልተቀየረ በ5 ሰከንድ፣ ያለ ድምፅ ያልፋል።

ለተማሪዎች ከመላክዎ በፊት ቪዲዮውን በራስዎ ስልክ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግተው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስክሪኑን ሳያዩ ይፈትሹት። ጽሑፉ ካልተነበበ ወይም ቃል ከተቆረጠ ያንኑ ስላይድ አርመው እንደገና ያውጡት።