60,000 ብር ይዞ ወርቅ ቤት፦ በአንዴ ወይስ ከፋፍሎ?

ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ብዙ ሰው በግብርና ምርምር ማዕከሏ የሚያውቃት የሀብሩ ከተማ ናት። እዚያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ከቤተሰቡ የሽንኩርት ሽያጭ 60,000 ብር ድርሻ ደርሶኛል። መርሳ ከምሠራበት ሱቅም በወር 5,000 ብር አስቀምጣለሁ። ሁሉንም ወርቅ ላደርገው ነው። አሁኑኑ ልግዛ ወይስ በየወሩ ትንሽ ትንሽ?»

ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ ስላልሆነ መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። መጀመሪያ ግን ሁለቱን ገንዘቦች እንለያቸው። 60,000 ብሩ ዛሬ እጇ ላይ አለ፤ በአንዴ ልግዛ ወይስ ልከፋፍል ብላ መምረጥ ትችላለች። 5,000 ብሩ ግን ገና በየወሩ የሚመጣ ነው። ያልመጣ ገንዘብ በአንዴ አይገዛም፤ እዚያ ላይ ያለው ጥያቄ «ስንት ወር አጠራቅሜ ልግዛ» የሚል ነው። ሰዎች ሲከራከሩ ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ ነው የማይግባቡት።

በ60,000 ብሩ እንጀምር። ገንዘብን እኩል ከፋፍሎ፣ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም በየጊዜው መግዛት በውጭው ዓለም «ዶላር ኮስት አቨሬጂንግ» ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወርቅ ሲረክስ በዚያው ብር ብዙ ግራም ታገኛላችሁ፣ ሲወደድ ደግሞ ጥቂት። ስለዚህ የገዛችሁበት አማካይ ዋጋ ሁልጊዜ ከገበያው አማካይ ዋጋ ትንሽ ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንየው። የ21 ካራት ወርቅ ግራሙ 20,000 ብር ነው እንበል (ይህና ከታች የምጠቅሳቸው የሱቅ ዋጋዎች ለስሌት የወሰድኳቸው እንጂ የዛሬ ገበያ አይደሉም)። የአክስቴ ልጅ በሦስት ጊዜ 20,000፣ 20,000 ብር ትገዛለች። ዋጋው መጀመሪያ 20,000፣ ቀጥሎ 16,000፣ በመጨረሻ 25,000 ቢሆን 1 ግራም፣ 1.25 ግራም እና 0.8 ግራም፣ በድምሩ 3.05 ግራም ታገኛለች። በመጀመሪያው ቀን በአንዴ ብትገዛ 3 ግራም ነበር የምታገኘው። ከፋፍላ በመግዛቷ በትንሹ አተረፈች።

አሁን ዋጋው ዝም ብሎ ይውጣ፦ 20,000፣ 25,000፣ 32,000። ከፋፍላ ስትገዛ የምታገኘው 2.425 ግራም ብቻ ነው፤ በአንዴ ግን ያው 3 ግራም። ዋጋው ዝም ብሎ ቢወርድስ? 20,000፣ 16,000፣ 12,500 ቢሆን ከፋፍላ 3.85 ግራም ታገኛለች። እንግዲህ ከፋፍሎ መግዛት የሚያዋጣው ዋጋው ሲወርድ ወይም ወርዶ ሲመለስ ነው። እየወጣ ሲሄድ ደግሞ በአንዴ የገዛ ይቀድማል።

ታዲያ የትኛው ይበዛል? ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት በ2012 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ጥናት፣ በአክሲዮንና በቦንድ ገበያ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል በአንዴ ያስገባ ሰው ከፋፍሎ ካስገባው በልጧል። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም፤ እነዚያ ገበያዎች ከሚወርዱበት የሚወጡበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ ጠብቆ የሚቀመጥ ገንዘብ ያን ያመልጠዋል።

የእኛ ወርቅ ደግሞ በሁለት ነገር ይገፋል። አንዱ በዶላር የሚተመነው የዓለም ዋጋ ነው። ሁለተኛው የብር ምንዛሪ ነው። የአንድ ወቄት (31.1 ግራም) የዓለም ዋጋ ለ31.1 ተካፍሎ በምንዛሪው ሲባዛ የንጹሕ ወርቅ የግራም ዋጋ በብር ይመጣል። የዓለም ዋጋ ባለበት ቆሞ እንኳ ብር ከተዳከመ ወርቅ በብር ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ወርቅ ቤቶች ከዚያ በፊትም በባንክ ምንዛሪ ብቻ ስለማይተምኑ ዋጋቸው በዚያው ልክ አልዘለለም። ያም ሆኖ አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ ብር ሲዳከም ብሩን ይዞ «ቀስ ብዬ እገዛለሁ» ያለ ሰው ይጎዳል።

«እና ወርቅ አይወርድም ማለት ነው?» ካላችሁ፣ ይወርዳል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ 1,900 ዶላር የደረሰው ወቄት በታኅሣሥ 2008 ወደ 1,050 ዶላር ወርዶ ነበር። በዚያው ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ17 ብር ወደ 21 ብር ወጥቷል። አባዝታችሁ ስታዩት ወርቁ በብርም ቢሆን ሲሶ ያህል ዋጋውን አጥቷል። የብር መዳከም ጉዳቱን አቀለለው እንጂ አላስቀረውም። ያኔ ጫፍ ላይ በአንዴ የገዛ ሰው ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ከፋፍሎ መግዛት የሚጠብቃችሁ ከዚህ ዓይነቱ መጥፎ ቀን ነው።

እስካሁን ያለው የወረቀት ስሌት ነው። ወርቅ ቤት ስትገቡ ሌላ ወጪ ይመጣል። ጥሬ ወርቅ መነገድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ እንደኛ ያለ ቆጣቢ የሚገዛው ቀለበት፣ ጉትቻ ወይም ሀብል ነው። ያ ደግሞ የሠሪው የእጅ ዋጋ አለበት። ስትሸጡት የእጅ ዋጋው አይመለስም።

ለአንድ ግዢ የእጅ ዋጋ 1,300 ብር፣ ከሲሪንቃ ወልድያ ደርሶ መልስና ሻይ 200 ብር ነው እንበል፤ በድምሩ 1,500። 60,000 ብሩን በአንዴ ብትገዛበት ወጪው 2.5 በመቶ ነው። በሦስት ጊዜ ከሆነ 4,500 ብር፣ ማለትም 7.5 በመቶ። በየወሩ 5,000 እያለች 12 ጊዜ ብትመላለስ 18,000 ብር ይሆናል፤ ከገንዘቧ 30 በመቶው ወርቅ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ሩብ ግራም የሚሸጥላት ካገኘች ነው! ከፋፍሎ በመግዛት የሚገኘው ጥቅም ከላይ እንዳየነው ግማሽ አሥረኛ ግራም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ይበላዋል።

ስለዚህ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ በእያንዳንዱ ግዢ የሚባክነው ወጪ ከ5 በመቶ አይለፍ። ወጪው 1,500 ብር ከሆነ ከ30,000 ብር በታች ይዞ ወርቅ ቤት መሄድ አያዋጣም። የእጅ ዋጋው በጌጡ ሳይሆን በግራም የሚታሰብ ከሆነ ግን መከፋፈል ብዙ አይጎዳም፤ የሚጨምረው ትራንስፖርት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «የእጅ ዋጋው በግራም ነው ወይስ በቁራጭ?» በሉ።

በዚህ መለኪያ የወር 5,000 ብሩም መልስ ያገኛል። ባንክ አስቀምጣ በስድስት ወር 30,000 ስትሞላ ትግዛ። በዓመት ሁለት ግዢ ይሆናል፤ ይኸው ራሱ ከፋፍሎ መግዛት ነው። እስኪሞላ ድረስ የሚገኘው የባንክ ወለድ ትንሽ ነው፤ ለዓመታት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ግን የእጅ ዋጋ በየወሩ ከመክፈል ይሻላል።

እቁብም አለ። 12 ሰው በወር 5,000 ብር ቢጥል የአንድ ዕጣ 60,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው በ20,000 ብር ሒሳብ 3 ግራም ይገዛል፤ ቀሪውን 11 ወር ያለ ወለድ ይከፍላል። መጨረሻ የሚደርሰው ግራሙ 25,000 ቢገባ 2.4 ግራም ነው የሚያገኘው። እቁብ እንግዲህ በአንዴ መግዛት ነው፤ ቀኑን የሚመርጠው ግን ዕጣው ነው። ወርቅ ይወደዳል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ ዕጣ ለመቀያየር የሚፈቅድ እቁብ ይጠቅማችኋል።

የመጨረሻው ነገር ገንዘቡ መቼ ያስፈልጋል የሚለው ነው። እንደ ሲሪንቃ ባለ አገር ክረምቱ ሲገባ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይመጣል። የአክስቴ ልጅ በ40,000 ብር ወርቅ ብትገዛ 1,500ው ወጥቶ 38,500 ብር የሚያወጣ ወርቅ ይኖራታል። ወርቅ ቤቱ መልሶ ሲገዛት ከመሸጫው 5 በመቶ ቢቀንስ 36,575 ብር ታገኛለች። ኪሳራ ላይ ላለመውደቅ ብቻ ወርቁ 9 በመቶ ተኩል ያህል መወደድ አለበት። በአራት ወር ውስጥ ለማዳበሪያ ብላ የምትሸጠው ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

ለዚህ ነው እንዲህ ብዬ የመለስኩላት፦ «20,000ውን ለክረምት ባንክ ተዪው። 40,000ውን ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት የማትነኪው ከሆነ በአንዴ ግዢበት፤ ወጪው 4 በመቶ አይሞላም። ነገ ቢረክስስ እያልሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን በሁለት ክፈዪው። ለዚያ እንቅልፍ የምትከፍዪው 1,500 ብር መሆኑን ብቻ እወቂ።» እሷም «1,500 ብር ለእንቅልፍ? ኧረ አልሰማሁህም!» ብላ ሳቀች።

የምትገዙት በአንዴም ሆነ ከፋፍላችሁ፣ በሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር አትርሱ። ጌጡ ላይ የተመታውን ቁጥር እዩ፤ 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21 ካራት ነው። ሚዛኑ ከመጫኑ በፊት ዜሮ ማሳየቱን ተመልከቱ፤ ፈርጥ ካለው የፈርጡ ክብደት እንደ ወርቅ እንዳይታሰብባችሁ ጠይቁ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ ካራቱ፣ ግራሙና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍ። ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የወረቀት ደረሰኝ ቀለሙ ይለቃል። በየግዢው የከፈላችሁትን ጠቅላላ ብር ባገኛችሁት ግራም ስታካፍሉ የእናንተን እውነተኛ አማካይ ዋጋ ታገኛላችሁ። ወርቅ ቤቱ መልሶ የሚገዛበት የግራም ዋጋ ያን ቁጥር እስኪያልፍ ድረስ፣ ሰው ሁሉ «ወርቅ ተወደደ» ቢልም እናንተ ገና አላተረፋችሁም።