አንዲት ፊደል ስትለወጥ፦ ዲኤንኤ፣ ፕሮቲን እና ቫይቫክስ ወባ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ የወባ ትንኝም ትበረታለች። በዞኑ ጤና ተቋማት የታካሚ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ከሚገኙት ተውሳኮች ሁለቱ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ ግን ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። ይህ ልዩነት በአብዛኛው ከአንዲት የዲኤንኤ ፊደል ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለባዮሎጂ ፈተና የሚያጠናውን ምዕራፍ በዚሁ ምሳሌ ልንመለከተው ወደድን።

ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ዳፊ የተሰኘ ፕሮቲን ጨብጦ ነው። ዳፊ የሌለበት ሴል ተውሳኩን አጥብቆ እንደሚቋቋም በ1976 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ታዲያ ፕሮቲኑ የሚጠፋው እንዴት ነው?

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች እርስ በርስ የተጠማዘዙበት ሞለኪውል ነው። የክሮቹ ጀርባ ከስኳርና ከፎስፌት የተሠራ ሲሆን፣ በመካከል ቤዞቹ ይገናኛሉ። አዴኒን (A) ከታይሚን (T) ጋር በሁለት፣ ጓኒን (G) ከሳይቶሲን (C) ጋር በሦስት የሃይድሮጂን ትስስሮች ይጣመራሉ። ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ስናየው ያስደንቀናል፤ እያንዳንዱ ትስስር ደካማ በመሆኑ ጀርባው ሳይበጠስ ክሮቹ በሚፈለገው ስፍራ ብቻ ሊላቀቁ ይችላሉ። ሁለቱ ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱም መዘንጋት የለበትም፤ ከዚህ በታች ያስፈልገናል።

ፕሮቲን የሚሠራው በሁለት እርምጃ ነው። በመጀመሪያው፣ በትራንስክሪፕሽን፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ የተባለው ኤንዛይም አንደኛውን የዲኤንኤ ክር እንደ ንድፍ እያነበበ ኤምአርኤንኤን ይገነባል፤ በ T ፈንታ U (ዩራሲል) ይገባል። በሁለተኛው፣ በትራንስሌሽን፣ ራይቦዞም ኤምአርኤንኤውን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል። ለእያንዳንዱ ሦስትዮሽ (ኮዶን) የሚስማማው ቲአርኤንኤ አሚኖ አሲዱን ይዞ ይመጣል።

የዳፊ ፕሮቲን ሁለት የታወቁ ዓይነቶች አሉት። ልዩነታቸው በ42ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው፦

```
ንድፍ ክር      3'-CCA-5'    3'-CTA-5'
ኤምአርኤንኤ    5'-GGU-3'    5'-GAU-3'
አሚኖ አሲድ    ግላይሲን      አስፓርቲክ አሲድ
```

በንድፉ ላይ አንድ C በ T ቢተካ አንድ አሚኖ አሲድ ይለወጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ይሠራል። ግላይሲን ያለበት Fya፣ አስፓርቲክ አሲድ ያለበት Fyb ይባላል። በፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ንድፍ ክሩን ከሌላው ክር ጋር በማምታታት ነው። ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ኤምአርኤንኤው U ን ከማስገባቱ በቀር ንድፍ ካልሆነው ክር ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘት አለበት።

ዳፊ በቀይ ሴላቸው ላይ የሌለባቸው አፍሪካውያን ግን አብዛኞቹ የ Fyb ን ኮድ ሳይጎድል ይዘዋል። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ለውጡ ያለው ከኮዱ ቀድሞ፣ ትራንስክሪፕሽን እንዲጀመር በሚታዘዝበት ስፍራ ነው፦

```
የተለመደው    5'-TTATCT-3'    የተለወጠው    5'-TTACCT-3'
              3'-AATAGA-5'                  3'-AATGGA-5'
```

የታችኛውን ክር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ማለትም ከ 5' ወደ 3' እናንብበው። የተለመደው AGATAA ይላል፤ በውስጡ GATA አለ። ቀይ ሴል በሚፈጠርበት መቅኔ ውስጥ ጋታ-1 የተሰኘ ፕሮቲን እዚህ ላይ ተቀምጦ ጂኑ እንዲነበብ ያደርጋል። የተለወጠው AGGTAA ስለሚል ጋታ-1 አይቀመጥም። ኤምአርኤንኤ ካልተገለበጠ ደግሞ ራይቦዞም የሚያነበው የለውም።

በትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ግን በጋታ-1 ላይ ስለማይመኩ በእነዚሁ ሰዎች ዘንድም ዳፊን ይሠራሉ። ስለዚህ ኮዱን ብቻ ያነበበ ሰው «ይህ ሰው Fyb አለው» ብሎ ይሳሳታል፤ የደም ዓይነት ምርመራ ደግሞ በቀይ ሴሉ ላይ ምንም አያገኝም። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት ትራንስክሪፕሽን ከሴል ሴል ስለሚለያይ ነው።

በኢትዮጵያ ዳፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች አብረው ይኖራሉ፤ ቫይቫክስ እዚህ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሆኖም በሩ ፈጽሞ የተዘጋ አይመስልም። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ ብዙውን ጊዜ የተውሳኩ ቁጥር አነስተኛ ነው። አነስተኛ ቁጥር ደግሞ ከማይክሮስኮፕ ዓይን ያመልጣል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ በደም ምርመራ ያልተገኘው ተውሳክ ሕመምተኛውን ዳግመኛ ሊጥለው ይችላል።