ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚወሰድ ደም

ጋምቤላ ውስጥ ባሮ ወንዝ አጠገብ የሚኖር፣ ምንም ሕመም የማይሰማው አንድ ጎልማሳ እንበል። እኩለ ቀን ላይ ጣቱ ተወግቶ ደሙ ቢመረመር ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከዚያው ጣት አንዲት ጠብታ ተወስዳ በአጉሊ መነጽር ስትታይ ግን ክር የመሰሉ ነገሮች ይንፈራገጣሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሳትንም ወዲያና ወዲህ ይገፈትራሉ። የእያንዳንዳቸው ርዝመት የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ያህል ነው። ማይክሮፋይላሪያ ይባላሉ፤ ዝሆኔን የሚያመጣው ትል እጮች ናቸው።

ይህን የሰዓት ነገር ለዓለም ያሳወቀው በቻይናዋ አሞይ ወደብ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ የታማሚዎችን ደም ቀንም ሌሊትም እየመረመረ እጮቹ ሲመሽ እንደሚበዙ፣ ሲነጋ ደግሞ እንደሚሰወሩ አየ። የትሉ ተሸካሚ የሆነውን አትክልተኛውን የነከሱ ትንኞችን ሰብስቦ ሲከፍታቸውም እጮቹ በውስጣቸው ሲያድጉ አገኘ። አንድ በሽታ አምጪ ተሕዋስ በነፍሳት ገላ ውስጥ እንደሚያድግ ከታየባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ቀን የት ይገባሉ? ሳንባ ውስጥ ናቸው። ቀኑን በሳንባ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ተጠግተው ይውሉና ማታ ወደ ቆዳ ሥር ወዳለው ደም ይወጣሉ። በብዛት የሚገኙት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የጋምቤላዋ አኖፌለስም የተኛ ሰው የምትነክሰው በሌሊት ነው። ይህ ሰዓት ከተሸካሚው ሰው የእንቅልፍ ልማድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሰውየው ለቀናት ቀን እየተኛ ሌሊት ቢነቃ የእጮቹ መውጫም አብሮ ይገለበጣል። ትንኟ ቀን በምትነክስባቸው አንዳንድ የፓስፊክ ደሴቶች ደግሞ እጮቹ በቀንም ደም ውስጥ አይጠፉም። ትሉ ከአስተላላፊው ጋር እንዲህ ተስማምቶ መኖሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ትንኟ የመጠጠቻቸው እጮች በክንፏ ጡንቻዎች ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ያድጋሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይጨምርም። ስትነክስ ከአፏ ወጥተው ቆዳ ላይ ያርፉና በንክሻው ቀዳዳ ይገባሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ስለሚቀሩ፣ ትሉ በሰው ገላ ተደላድሎ እንዲራባ ብዙ መቶ ንክሻ ያስፈልጋል። ለአጭር ጊዜ ጎራ ያለ እንግዳ እምብዛም የማይያዘው ለዚህ ነው።

የደረሰው ትል የሚቀመጠው በሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ነው። ከደም ሥር ወደ ሥጋ የሚሰርገውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልሰው ይህ ቧንቧ ነው፤ ውስጡም ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉ ቀጫጭን በሮች አሉት። ሴቷ ትል እስከ 10 ሴንቲሜትር ትረዝማለች። ትሎቹ ተጠላልፈው ሲኖሩ ቧንቧው እየሰፋ ይሄድና በሮቹ መግጠም ያቅታቸዋል፤ ከታች የሚወጣው ፈሳሽም እግር ላይ ይቀራል። ትሉ ሲሞት ደግሞ ሰውነት ይቆጣና ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል።

እግሩን የዝሆን እግር የሚያደርገው ግን ትሉ ብቻውን አይደለም። ፈሳሽ የተኛበት እግር ራሱን መከላከል ስለሚያቅተው፣ በእግር ጣቶች መሃል ባለች ትንሽ ስንጥቅ ተራ ባክቴሪያ ይገባል። ሰውየውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ትኩሳት ይነሣበታል፤ እግሩ ቀልቶ ይግላል። ከቀናት በኋላ ይተወዋል፤ እብጠቱ ግን እንደ ቀድሞው አይጎድልም። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ቆዳው እየወፈረ፣ እየጠጠረና እየተጣጠፈ ይሄዳል። በዚህ ደረጃ ትሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሞተው ስላለቁ የታማሚው ደም በሌሊትም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ጎረቤት የሚርቀው እግሩ ያበጠውን ነው፤ ትሉን ለትንኝ የሚያቀብለው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አይቨርሜክቲንና አልቤንዳዞል ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለመላው ቀበሌ የሚታደለው ለዚህ ነው። መድኃኒቶቹ እጮቹን ከደም ያጠራሉ እንጂ የደረሰውን ትል በቀላሉ አይገድሉም፤ ትሉ ለዓመታት ስለሚኖር እደላውም ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ ይደገማል።

በደጋው የምናየው ዝሆኔ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣ እንጂ ትልም ትንኝም የለበትም። ከእግር መዳፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በላይም እምብዛም አያልፍም። የትሉ ዝሆኔ ግን አንዱን እግር ብቻ ሊይዝና እስከ ጭን ሊደርስ ይችላል፤ ወንዶች ላይ የቆለጥ ከረጢት ውሃ እንዲቋጥርም ያደርጋል።

የእግሩ እንክብካቤ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶቹ መሃል በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ጫማ ማድረግ። ይህን ለወራት ሳያቋርጥ ያደረገ ሰው የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት ይቀንስለታል፤ የእግሩ ሽታም ይጠፋል።