ጳጉሜ 6 በሌለበት ዓመት፦ ነባር ተጠቃሚን የሚሰብር ፑል ሪኩዌስት እንዴት ይገመገማል?

አንድ ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ አለ እንበል። ሥራው የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ መቀየር ነው፤ ዓመት፣ ወርና ቀን ይቀበላል፣ የጎርጎርዮሱን ቀን ይመልሳል። ለተጠቃሚ የወጣው የመጨረሻ ቨርዥን 1.4.2 ነው። አንድ ጠዋት ፑል ሪኩዌስት ይመጣል፤ አንድ ሰው በራሱ ቅጂ ላይ የሠራውን የኮድ ለውጥ «ዋናው ላይ ይግባልኝ» ብሎ አቅርቧል ማለት ነው። ርዕሱ «የጳጉሜ ስህተት ታረመ» ይላል። የተነካው ኮድ አሥር መስመር እንኳ አይሞላም።

ስህተቱ እውነተኛ ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ በ2016 አልነበረችም። ላይብረሪው ግን የሌለችውን ቀን ሲጠይቁት «የለችም» አይልም። ዝም ብሎ አንድ ቀን ወደፊት ይቆጥርና የሚቀጥለውን ዓመት መስከረም 1 ይሰጣል። የቀረበው ለውጥ ይህን ዝምታ ወደ ስህተት መልእክት ይቀይረዋል።

```python
to_gregorian(2016, 13, 6)
# በ1.4.2:    date(2024, 9, 11)
# ከለውጡ በኋላ: ValueError
```

የችኮላ ገምጋሚ «እርማቱ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ልክ ነው። ያጸድቃል፣ ወደ ቡናው ይመለሳል። ያልጠየቀው ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ በዚህ ስህተት ላይ ተደላድሎ የሚኖር ማን አለ?

የቤት ኪራይ ውል የሚመዘግብ ፕሮግራም እናስብ። የጻፈው ሰው የዓመቱን መጨረሻ ማግኘት ፈለገ፤ ጳጉሜ 5 ይሁን 6 እያለ ከማስላት ይልቅ ሁልጊዜ 13ኛ ወር፣ 6ኛ ቀን ብሎ ይጠይቃል። ከአራት ዓመት በሦስቱ የሚያገኘው መልስ በአንድ ቀን ያለፈ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። አዲሱን ቨርዥን የጫነ ዕለት ግን ያ መስመር ስህተት ያነሳል፣ ፕሮግራሙም ይቆማል። ጥፋቱ የራሱ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ከኮዱ አንዲት ፊደል አልነካም፤ የተቀየረው የእኛ ላይብረሪ ነው።

አንድ ፋንክሽን ከውጭ ለሚጠራው ሰው የሚታየው ነገር ሁሉ ይፋዊ ጠባዩ ነው። ስሙ፣ የሚቀበላቸው ነገሮች ቅደም ተከተል፣ የሚመልሰው ነገር ዓይነት፣ ሳይሞሉት ሲቀሩ የሚገምተው ዋጋ፣ ሲከፋም የሚያነሳው ስህተት። ሃይረም ራይት የተባለው መሐንዲስ ጉግል ውስጥ ሲሠራ ያስተዋለው ነገር ዛሬ በስሙ የሃይረም ሕግ ይባላል፤ ተጠቃሚው ከበዛ፣ ቃል ገባህም አልገባህም፣ ከሚታየው ጠባይ በአንዱ ላይ የሚደገፍ ሰው አይጠፋም። የኪራይ ውሉ ፕሮግራም እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ነው።

ታዲያ ገምጋሚ ይህን እንዴት ያውቃል? እኔ ፑል ሪኩዌስት ስከፍት ከዋናው ኮድ በፊት የቴስት ፋይሎቹን አያለሁ። አዲስ ቴስት መጨመሩ አያስደነግጠኝም። የነበረ ቴስት መቀየሩ ግን ያስቆመኛል። በዚህኛው ውስጥ ያለው እንዲህ ይላል፦

```diff
-    assert to_gregorian(2016, 13, 6) == date(2024, 9, 11)
+    with pytest.raises(ValueError):
+        to_gregorian(2016, 13, 6)
```

በመቀነስ ምልክት የተሰረዘችው መስመር ትልቅ ወሬ ይዛለች። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ይህን ጠባይ አይቶ፣ አስቦበት፣ «እንዲህ ነው የሚመልሰው» ብሎ ጽፎታል። ስለዚህ ጉዳዩ በድንገት የተፈጠረ ቀዳዳ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አዲሱ ኮድ ከአዲሱ ቴስት ጋር ተስማምቶ ሁሉም ነገር አረንጓዴ መሆኑም ምንም አያረጋግጥም፤ ፈተናውንም መልሱንም ያዘጋጀው አንድ ሰው ነውና። ማድረግ ያለብን አዲሱን ኮድ በአሮጌው ፈተና መፈተን ነው፦

```
git fetch origin pull/87/head:pr-87
git switch pr-87
git checkout v1.4.2 -- tests/
pytest
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትእዛዞች ቁጥሩ 87 የሆነውን ፑል ሪኩዌስት ከጊትሀብ ወደ ኮምፒውተራችን ያመጣሉ። ሦስተኛው የቴስት ፋይሎቹን ብቻ ወደ 1.4.2 ይመልሳል፤ ከዋናው ቅርንጫፍ ይልቅ ይህን የመረጥነው ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ ቴስቱን ስናስኬድ የወደቀው ሁሉ አንድ በአንድ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ዘዴው ግን የሚይዘው ቀድሞ የተፈተነውን ብቻ ነው። ጳጉሜን የሚመለከት ቴስት ጭራሽ ባይኖር ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር፤ ስብራቱም ሳይታይ ይገባ ነበር። ስለዚህ አዲሱን ኮድ በዓይን እያነበብን «ቀድሞ መልስ ያገኝ የነበረ፣ አሁን ግን የማያገኝ ጥሪ አለ?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

ቀጥሎ የላይብረሪውን መመሪያ እንከፍታለን። መመሪያው «የሌለ ቀን ከተሰጠው ስህተት ያነሳል» ብሎ ቃል ገብቶ ከነበረ፣ ዝም ብሎ መቁጠሩ ግልጽ ጉድለት ነው፤ እንደ ተራ እርማት ሊወጣ ይችላል፣ ያኔም ቢሆን በማስታወቂያ። የእኛ መመሪያ ግን ስለዚህ ምንም አይልም፤ ቴስቱ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። ስለዚህ ለውጡ የሚሰብር ለውጥ ነው፤ ልክ መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

ፓይተን ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። ከ3.5 በፊት፣ እኩለ ሌሊትን በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚወክል የሰዓት እሴት በ`if` ሲጠየቅ ሐሰት ሆኖ ይቆጠር ነበር። «ሰዓት ተሰጥቶኛል ወይ?» ለማለት `if t:` ብሎ የጻፈ ሰው፣ የተሰጠው ሰዓት ልክ እኩለ ሌሊት ሲሆን «አልተሰጠህም» የሚል መልስ ያገኛል። እንዲህ ያለው ስህተት ቀን ሙሉ ሲፈትኑት አይታይም። ጠባዩ በመመሪያው ላይ የተጻፈ ስለነበር ግን በ3.4 ጥቃቅን እርማቶች ውስጥ ሾልኮ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 3.5 ተቀየረ፤ መመሪያው ውስጥም ቀድሞ ምን እንደነበር፣ ለምን እንደተወገደና ውይይቱ በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገበ የሚናገር ማስታወሻ ገባ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ብዙ ላይብረሪዎች የሚከተሉት ስምምነት ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ይባላል፤ የጻፈው ከጊትሀብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ወርነር ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች የመጨረሻው የሚያድገው ነባሩን የማይነካ እርማት ሲገባ፣ የመሃሉ ነባሩን ሳይነካ አዲስ ነገር ሲጨመር፣ የመጀመሪያው ደግሞ ነባሩ ሲሰበር ነው። ፑል ሪኩዌስቱን ያቀረበው ሰው 1.4.3 ብሎ ጽፏል። ትክክለኛው 2.0.0 ነው።

ልዩነቱ የአጻጻፍ ጉዳይ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያነበው ማሽን ነውና። የኪራይ ውሉ ፕሮግራም የሚፈልገውን ላይብረሪ `>=1.4,<2` ብሎ ካስመዘገበ፣ 1.4.3 በሚቀጥለው ጭነት ማንንም ሳይጠይቅ ይገባለታል። 2.0.0 ግን አንድ ሰው ያቺን `<2` በእጁ እስኪያነሳት ድረስ ደጅ ይቆማል። ገደብ ጭራሽ ያልጻፈውን ግን ቁጥሩ አይጠብቀውም፤ ለእሱ የቀረው የሚያነበው ማስታወሻ ብቻ ነው።

ፑል ሪኩዌስቱ ውስጥ ያለው ማስታወሻ «የጳጉሜ አያያዝ ተሻሽሏል» ይላል። ይህ ላኪውን ያመሰግናል እንጂ ለተጠቃሚው ምንም አይነግረውም። ሌሊት ላይ ፕሮግራሙ ቆሞበት `CHANGELOG.md` የሚከፍት ሰው የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ ቀድሞ ምን ይሆን ነበር፣ አሁን ምን ይሆናል፣ የሚመለከተው ማንን ነው፣ ምን ላድርግ። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦

```markdown
## 2.0.0
### የሚሰብር ለውጥ
- `to_gregorian` የሌለ ቀን ሲሰጠው `ValueError` ያነሳል።
  ቀድሞ የሚቀጥለውን ቀን ይመልስ ነበር።
- የሚመለከተው፦ ጳጉሜ 6ን በየዓመቱ የሚጠይቅ ኮድ።
- ማስተካከያ፦ የዓመት መጨረሻ ከፈለጉ የሚቀጥለውን ዓመት
  መስከረም 1 ጠይቀው አንድ ቀን ይቀንሱ።
```

የመጨረሻዋ ነጥብ ብዙ ጊዜ የምትረሳው ናት። አንድን መንገድ ስንዘጋ ሰውየው በየት በኩል ይሂድ የሚለውን ካልነገርነው፣ `<2` ላይ ተቀምጦ ዓመታት ያሳልፋል፤ አልፈርድበትም።

2.0.0 ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ መካከለኛ እርምጃ እጠይቃለሁ። በ1.5.0 መልሱ እንደነበረ ይቆይና ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት፦

```python
warnings.warn(
    "ይህ ቀን የለም፤ ከ2.0.0 ጀምሮ ValueError ይሆናል",
    FutureWarning, stacklevel=2)
```

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው `DeprecationWarning` ብሎ ሲጽፍ ነው። ፓይተን ያንን ማስጠንቀቂያ፣ በቀጥታ ከሚሄደው ዋና ፋይል ካልመጣ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ አያሳየውም፤ ማስጠንቀቂያው አለ፣ የሚያየው ግን የለም። `FutureWarning` ሳይደበቅ ይታያል። `stacklevel=2` ደግሞ የእኛን ፋይል ትቶ የጠሪውን መስመር ይጠቁማል፤ ሰውየው የቱን እንደሚያርም ያውቃል።

ግምገማው ላይ የምጽፈው አስተያየት አጭር ነው፦ «እርማቱ ትክክል ነው፣ እናመሰግናለን። ግን በ1.4.2 ላይ ያለ ሰው ኮዱን ሳይነካ ይቆምበታል፤ የተሰረዘውን ቴስት ይመልከቱት። ማስጠንቀቂያውን ለ1.5.0 ለብቻው ቢያቀርቡልን፣ ይህንን ለ2.0.0 እናቆየዋለን። ማስታወሻው ላይም የቀድሞውን ጠባይና ማስተካከያውን ይጨምሩበት።»

ነገሩ ካመለጠና 1.4.3 ተብሎ ከወጣስ? የወጣውን ቨርዥን ይዘት በዚያው ቁጥር ደብቆ መቀየር አይፈቀድም። የቀድሞውን ጠባይ የሚመልስ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፣ ማስታወሻው ላይ 1.4.3 ምን እንደሰበረ ይጻፋል፣ ፓይፒአይ ላይም 1.4.3 «ያንክ» ይደረጋል። ያኔ ያንን ቁጥር በስሙ ለይቶ ካልጠየቀው በቀር ለማንም አይጫንም።

ለውጡ ይግባ፤ ግን በ2.0.0። 1.4.2 ላይ የቀረ ፕሮግራም የ2018ን ጳጉሜ 6 ቢጠየቅ አሁንም `date(2026, 9, 11)` ብሎ ይመልሳል፤ ያ ቀን መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።