ደንበኛዋ «እሺ» ያሉት ለምን ነበር?

አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የአንድን ቡና ላኪ ኩባንያ ድረ ገጽና ኢሜይል ከድሮ ሰርቨር ወደ አዲስ ሊያዛውር ነው እንበል። ዝግጅቱ አልቋል፤ የቀረው ለኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ማሳወቅ ብቻ ነው። ከቴክኒክ ቡድኑ አንዱ ቁጭ ብሎ እንዲህ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ 22:00 ዩቲሲ ላይ የዲኤንኤስ ከትኦቨር እናደርጋለን። ቲቲኤሉን ወደ 300 ስላወረድነው ፕሮፓጌሽኑ ይፈጥናል፤ ሆኖም አንዳንድ አይኤስፒዎች ካሽ ስለሚያደርጉ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ኤምኤክስ ሪከርዱም አብሮ ይቀየራል፤ የፖፕ ተጠቃሚዎች ካሉ ባካፕ ይደረግ። የዩኤቲ ሳይን ኦፍ እስከ ሐሙስ ኢኦዲ እንጠብቃለን።»

ለጻፈው ሰው ይህ አጭርና የተሟላ ኢሜይል ነው። በቴክኒክ በኩል ስሕተት አይወጣለትም። ሥራ አስኪያጇም አንብበው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይመልሳሉ።

ያ «እሺ» ግን መግባባት አይደለም። ኢሜይሉ ሴትዮዋ አንድ ነገር እንዲፈትሹ፣ አንድ ነገር እንዲያረጋግጡና ለአንድ ችግር እንዲዘጋጁ ይጠይቃል፤ ከሦስቱ ስለ አንዱም መልስ አልሰጡም። ዓመታት ኩባንያ የመሩ ሰው «አልገባኝም» ብሎ ለአንድ ወጣት ባለሙያ መጻፍ ይከብዳቸዋል። ይሉኝታ አለ። «ባለሙያዎቹ ያውቃሉ» የሚል መተማመንም አለ። ስለዚህ ጥያቄ ላለበት ኢሜይል ምስጋና ብቻ ሲመለስ፣ ወይም መልሱ ጠፍቶ ከቀናት በኋላ ስልክ ሲደወል፣ ጸሐፊው መልእክቱ እንዳልደረሰ ማወቅ አለበት።

ጸሐፊው ይህን አስቀድሞ የማያየው ቸልተኛ ስለሆነ አይደለም። በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ አንዳንድ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት በጠረጴዛ ላይ በጣታቸው እንዲያንኳኩ፣ ሌሎች ደግሞ ሰምተው ዘፈኑን እንዲለዩ አደረገች። አንኳኪዎቹ አድማጮች ግማሽ ያህሉን ይለያሉ ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈኖች የተለዩት 3 ብቻ ነበሩ። አንኳኪው ዜማውን በጭንቅላቱ ውስጥ እየሰማ ነው የሚያንኳኳው፤ ለአድማጩ የሚደርሰው ግን ኳኳታ ብቻ ነው። «ኤምኤክስ» ብሎ የሚጽፈው ባለሙያም የኩባንያው ደብዳቤዎች በየት በኩል እንደሚገቡ በዓይነ ሕሊናው እያየ ነው የሚጽፈው።

ብዙዎች መፍትሔው ምሕጻረ ቃሉን መዘርዘር ይመስላቸዋል። «ዲኤንኤስ ማለት ዶሜይን ኔም ሲስተም ነው» ይላሉ። ሥራ አስኪያጇ ከአንድ የማያውቁት ቃል ሦስት የማያውቋቸው ቃላት ተቀበሉ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ነገር በአንባቢዋ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም ጊዜ ላይ ምን ያደርጋል? በዚህ ጥያቄ ሲፈተኑ አንዳንዶቹ ቃላት ትርጉም ሳያስፈልጋቸው ይወጣሉ። ቲቲኤል ሌሎች ኮምፒውተሮች የድሮውን አድራሻ ለስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚወስን ቁጥር ነው፤ 300 ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ለቡድኑ ወሳኝ ነው። ለሥራ አስኪያጇ ግን ምንም የሚያደርጉበት ነገር የለም። ቢያብራሩትም ድካሙ ለከንቱ ነው፤ ይሰረዝ።

ሌሎቹ ቃላት ግን ከባድ ጉዳይ ሸፍነዋል፤ ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ዩኤቲ ደንበኛው ራሱ ሥራውን ሞክሮ የሚፈትሽበት ደረጃ ነው፤ ሳይን ኦፍ ደግሞ «እንደተስማማነው ተሠርቷል፤ ተቀብያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። በብዙ የሶፍትዌር ውሎች የመጨረሻው ክፍያ የሚጠየቀውና የነጻ ማስተካከያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከዚህ ማረጋገጫ ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጇ ለጨዋነት የጻፉት «እሺ» እንደ ርክክብ ተቆጥሮ ደረሰኝ ቢመጣባቸውስ? ሳይፈትሹ ተቀብለዋል ይባላሉ፤ ድርጅቱም ከደንበኛው ጋር ጸብ ገዝቷል። ገንዘብንና ኃላፊነትን የሚነካ ነገር በምሕጻረ ቃል መሸፈን የለበትም ብዬ አጥብቄ የማምነው ለዚህ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 22:00 ዩቲሲ በአዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት እሁድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል፤ ዕለቱ ራሱ ተቀይሯል። ሥራ አስኪያጇ ግን ቁጥሩን አይተው «ከምሽቱ 4 ሰዓት» ብለው ቢረዱ አይፈረድባቸውም። ሦስት ሰዓት ይሳሳታሉ ማለት ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ማለትም አይበቃም፤ ለአንዱ ዓርብ ለቅዳሜ ያለው ሌሊት ነው፣ ለሌላው ቅዳሜ ለእሁድ። ኢኦዲ የሚለውም የቀኑ መጨረሻ ማለት ሲሆን፣ የማን ቀን እንደሆነ አይናገርም። ቢሮው የሚዘጋበት ሰዓት ነው ወይስ እኩለ ሌሊት?

ስለ ፖፕ ተጠቃሚዎች የተጻፈው ደግሞ የተለየ ችግር አለው። ፖፕ ኢሜይልን ከሰርቨሩ አውርዶ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰርቨሩ ላይ ያጠፋዋል። የእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የቆዩ ደብዳቤዎች በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስላሉ፣ በዝውውሩ ወቅት ቅንብሩ ሲነካካ ሊጠፉ ይችላሉ። ነገር ግን ቃሉን ቢያብራሩላቸውም ሥራ አስኪያጇ ማን ፖፕ እንደሚጠቀም ማወቅ አይችሉም። እዚህ ላይ ትርጉም አይረዳም፤ የሚረዳው በዓይን የሚታይ ምልክት መስጠት ነው። ከኮምፒውተር የተላከ መልእክት በስልክ ላይ «የተላኩ» በሚለው ክፍል ከታየ፣ ደብዳቤዎቹ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ካልታየ ሰውየው ፖፕ የሚጠቀም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይይለት። ምልክቱ ለሁሉም ፕሮግራም እርግጠኛ ባይሆንም፣ መታየት ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ይዘን ኢሜይሉን እንደገና እንጻፈው፦

«ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ድረ ገጻችሁንና ኢሜይላችሁን ወደ አዲሱ ሰርቨር፣ ማለትም ወደሚቀመጡበት አዲስ ኮምፒውተር፣ እናዛውራለን። ከዚያ በፊት ከእርስዎ ሁለት ነገር እንፈልጋለን።

አዲሱን ድረ ገጽ ሞክረው እንደተስማማነው መሥራቱን እስከ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ያረጋግጡልን። ማረጋገጫዎ በውላችን መሠረት ሥራውን መረከብዎ ስለሆነ የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል። የሚስተካከል ነገር ካለ ከማረጋገጥዎ በፊት ይንገሩን። እስከዚያ ካልተረጋገጠልን ዝውውሩን በአንድ ሳምንት እናራዝማለን።

በተጨማሪም የኩባንያውን ኢሜይል የሚጠቀም ሠራተኛ ሁሉ ከቢሮ ኮምፒውተሩ አንድ መልእክት ልኮ፣ ያው መልእክት በስልኩ ላይ «የተላኩ» በሚለው ክፍል መታየቱን ይመልከት። የማይታይላቸውን ወይም ኢሜይሉን በስልክ የማይጠቀሙትን ሰዎች ስም እስከ ሐሙስ ይላኩልን። ዓርብ ባለሙያ መጥቶ የቆዩ ደብዳቤዎቻቸውን ቅጂ ያስቀምጣል።

ከዝውውሩ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ አንዳንድ ደብዳቤዎች ወደ ድሮው ሳጥን ሊገቡ ይችላሉ። እስከ ረቡዕ ድረስ የድሮውን ሳጥን እየተመለከትን የገባውን ወደ አዲሱ እናሻግራለን። እሁድና ሰኞ አስቸኳይ ውል ወይም የኤልሲ ማሳወቂያ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ላኪውን በስልክም ጠይቁ።»

ይህ ኢሜይል ከመጀመሪያው በጣም ይረዝማል። ለአንባቢዋ ግን ይቀላል፤ ቆመው የሚያስቡበት ወይም ሰው የሚጠይቁበት ቦታ የለም። «ኤልሲ» የሚለው ምሕጻረ ቃል ሳይብራራ መግባቱንም ልብ ይሏል። ቡና ላኪ በየቀኑ የሚኖርበት ቃል ነው፤ ምናልባት ማብራሪያ የሚያስፈልገው ኢሜይሉን ለሚጽፈው ባለሙያ ይሆናል። ቫትና ቲን ቁጥርም እንደዚሁ ናቸው። ጥያቄው ቃሉ ምሕጻረ ቃል መሆኑ ሳይሆን የማን ቃል መሆኑ ነው። «ሰርቨር» የሚለው የቀረውም ሆን ተብሎ ነው፤ በየዓመቱ በሚመጣው ደረሰኝ ላይ ስለሚያገኙት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። አንዴ ከተብራራ በኋላ ግን በዚያው ቃል መጽናት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ኢሜይል «ሆስት»፣ በሌላው «ማሽን» ከተባለ፣ አንባቢዋ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ ያስባሉ።

ማቅለልም የራሱ አደጋ አለው። «ኢሜይላችሁ ለሁለት ቀን ይቋረጣል» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነበር፤ እውነት ግን አይደለም። ሥራ አስኪያጇ ለገዢዎቻቸው ሁሉ «አትጻፉልን» ብለው ያስታውቁ ነበር። «ምንም አይፈጠርም» ቢባል ደግሞ በድሮው ሳጥን የቀረ ደብዳቤ ቡድኑን ያሳፍረዋል። ስለዚህ «እስከ 48 ሰዓት» እና «ሊገቡ ይችላሉ» የሚሉት አገላለጾች በቀላል ቋንቋም መቆየት አለባቸው፤ የቡድኑን እርግጠኝነት ልክ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ኩባንያው የራሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ካለው ትክክለኛዎቹ ቃላት ለእሱ ያስፈልጉታል። ከፊርማው በታች «ለኮምፒውተር ባለሙያችሁ» ተብሎ የኤምኤክስ ሪከርዱ፣ አዲሱ አድራሻና ቲቲኤሉ እንዳሉ ይቀመጡለት። እዚያ ማቅለል ጉዳት ነው፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት ደብዳቤ አይደርስም።

ከመላኩ በፊት ኢሜይሉን በዚያው ድርጅት ሒሳብ ክፍል ወይም እንግዳ መቀበያ ላይ ለሚሠራ ሰው ማስነበብ ይገባል። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ በይሉኝታ «አዎ» ትላለች። «ይህ ላንቺ ቢደርስ ኖሮ እስከ ሐሙስ ምን ምን ታደርጊ ነበር?» ቢባል ግን መልሷ የጎደለውን ያወጣዋል። ለምሳሌ ከላይ ያለውን ያነበበች የሒሳብ ሠራተኛ «ድረ ገጹን እሞክር ነበር፤ ግን የቱን? የድሮው ነው የሚከፈትልኝ» ልትል ትችላለች። እውነቷን ነው፤ ዝውውሩ ገና ስላልተደረገ የኩባንያው አድራሻ ሲጻፍ የሚመጣው የድሮው ገጽ ነው። እንግዲህ «አዲሱን ድረ ገጽ ሞክረው» ከሚለው ቀጥሎ ጊዜያዊ የመሞከሪያ አድራሻው ይጨመራል፤ ከሥሩም «ይህ አድራሻ ለእርስዎ መሞከሪያ ብቻ ስለሆነ ለገዢዎች አይስጡት» የሚል አንድ መስመር ይገባል።