ወረቀቱ ቢጠፋ ቁጥሩ አይጠፋም

የቲን ሰርተፊኬት የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀናው እንደ አዲስ መመዝገብ ነው። ይህ መጥፎ መፍትሔ ነው። አስር አሃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቁጥር ለማውጣት የሚሞክር ሰው በቀድሞው መዝገቡ ይያዛል፤ ጉዳዩም ከምትክ ጥያቄ ወደ ማጣራት ይዞራል። የሚጠየቀው ያው ቁጥር በአዲስ ወረቀት እንዲታተም ነው።

ቁጥሩን በቃል የማያውቅ ሰው አይጨነቅ። ከሱቁ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የወጣ ማንኛውም ደረሰኝ ላይ ታትሟል። ያለፈው ዓመት የግብር ማሳወቂያ ላይም አለ።

ከጉለሌ ወደ የካ ክፍለ ከተማ የተዛወረች የልብስ ሰፊ እናስብ። ዕቃ ስታጓጉዝ ሰርተፊኬቷ ጠፋ። መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክታ የመጥፋቱን ማስረጃ ትወስዳለች። ይህን ማስረጃ ከንቱ መመላለስ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው ወረቀቱን ይዞ በስሟ ቢነግድ፣ ከእጇ የወጣው መቼ እንደሆነ የሚመሰክርላት እሱ ነው። ከዚያ ማመልከቻ ጽፋ፣ መታወቂያዋንና ንግድ ፈቃዷን ይዛ ፋይሏ ወዳለበት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች። ወረቀቱ ተቀድዶ ወይም ውሃ ነክቶት ቢሆን ኖሮ የተበላሸውን መመለስ ነበረባት። ራሷ መሄድ ካልቻለች ወኪሏ ሕጋዊ ውክልና ይዞ ይቀርባል።

ዋናው ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሰርተፊኬት የሚታተመው መዝገቡ ላይ ካለው መረጃ ነው። አድራሻዋ ሳይስተካከል ምትክ ከወሰደች፣ አዲሱ ወረቀት አሮጌውን አድራሻ ይዞ ይወጣል። በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ስም፣ አድራሻ ወይም ዋና የሥራ ዘርፍ ሲለወጥ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህ ካልተደረገ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ወደ ቀድሞው ሱቅ ሊላክ ይችላል፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ባለቤቷ ሳታውቅ ሊያልፍ ይችላል። እኔ በበኩሌ ከወረቀቱ መጥፋት ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። ክፍለ ከተማ ከተቀየረ ፋይሉ ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ እንዲዛወር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሽያጭ መሣሪያው ደረሰኝ ላይ የሚያትመው አድራሻም እንዲሁ መለወጥ አለበት።

ስም ላይም ችግር አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ፊደል ተዘልሎ መታወቂያው ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ባንክ ሲመልሰው ነው። ስለዚህ አዲሱን ሰርተፊኬት ከመስኮቱ ሳይርቁ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል፣ ከቆየ ደረሰኝ ጋር ደግሞ አሃዝ በአሃዝ ማስተያየት ይገባል። ስህተት ከተገኘ እዚያው እንዲታረም መጠየቅ ነው።