ዕዳ የሌለባቸው ፊደላት

የሃንጋሪው አርክቴክት ኤርኖ ሩቢክ በ1974 የሠራውን ባለ ስድስት ቀለም ኪዩብ የሚያዞሩ ሰዎች እንቅስቃሴያቸውን በስድስት ፊደላት ይጽፋሉ። R ማለት የቀኙን ገጽ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ሩብ ዙር ማዞር ነው። L ግራውን፣ U ላዩን፣ D ታቹን፣ F የፊቱን፣ B የኋላውን ገጽ ያዞራሉ። R⁻¹ ደግሞ የቀኙን ገጽ በተቃራኒው አቅጣጫ ሩብ ዙር ይመልሳል። ስለዚህ RUF ብሎ የጻፈ ሰው መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ላዩን፣ በመጨረሻም የፊቱን ገጽ አዙሯል ማለት ነው።

አሁን ኪዩቡን ወደ ጎን እንተወውና ወረቀቱን ብቻ እንይ። በወረቀቱ ላይ ያሉን ስድስቱ ፊደላትና ተቃራኒዎቻቸው ናቸው፤ በእነሱ የፈለግነውን ያህል ረጅም ቃል መጻፍ እንችላለን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ አንድ ፊደልና ተቃራኒው ጎን ለጎን ከተገናኙ ሁለቱም ይሰረዛሉ። RUU⁻¹F ሲሰረዝ RF ይሆናል። ሁለት ቃላትን ለማጣመር አንዱን ከሌላው ቀጥሎ መጻፍና የሚሰረዘውን መሰረዝ ይበቃል። የአንድን ቃል ተቃራኒ ለማግኘት ደግሞ ከመጨረሻው ፊደል ተነስቶ እያንዳንዱን መገልበጥ ነው፤ የRUF ተቃራኒ F⁻¹U⁻¹R⁻¹ ነው። ምንም ፊደል የሌለበት ባዶ ቃልም አለ፤ ከየትኛውም ቃል ጋር ቢጣመር ምንም አይለውጥም።

ከየት ጀምረን ብንሰርዝ መጨረሻችን አንድ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። RR⁻¹Rን ብንወስድ የግራውን ጥንድ ብንሰርዝም የቀኙን ብንሰርዝም የሚተርፈው R ነው። ይህ ለማንኛውም ቃል እውነት መሆኑ ይረጋገጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ከዚያ በላይ የማይሰረዝ አንድ መልክ ብቻ አለው። የእነዚህ ቃላት ስብስብ የስድስት ፊደላት ነጻ ግሩፕ ይባላል። ግሩፕ ማለት በአጭሩ አባላቱን ማጣመር የሚቻልበት፣ ሦስቱ ሲጣመሩ ቅንፉ የት መግባቱ ለውጥ የማያመጣበት፣ ምንም የማይለውጥ አባል ያለበትና እያንዳንዱ አባል ተቃራኒ ያለው ስብስብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቀኙን ገጽ አራት ጊዜ ያዞረ ሰው ኪዩቡን እንደነበረ ያገኘዋል፤ በወረቀቱ ላይ ግን RRRR ባለ አራት ፊደል ቃል እንጂ ባዶ አይደለም። በኪዩቡ ላይ RL እና LR አንድ ናቸው፣ ቀኝና ግራ አይነካኩምና። በወረቀቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በነጻው ግሩፕ ውስጥ ፊደላቱ ከመሰረዙ ሕግ በቀር እርስ በርሳቸው የገቡት ምንም ቃል ኪዳን የለም፤ ዕዳ የለባቸውም። የነጻነታቸውም ምንጭ ይኸው ነው።

ይህ ነጻነት ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ለፊደላቱ ሌላ መድረሻ እንምረጥላቸው። ሙሉ ቁጥሮችን በመደመር እንውሰድ፤ እነሱም ግሩፕ ናቸው። Rን ወደ 1፣ Uን ወደ 5፣ የቀሩትን አራቱን ወደ 0 እንላክ። ከዚህ በኋላ የምንመርጠው ነገር የለም። R⁻¹ የግድ ወደ −1 ይሄዳል። RUUF ወደ 1+5+5+0፣ ማለትም ወደ 11 ይሄዳል። RUR⁻¹U⁻¹ ደግሞ 0 ላይ ያርፋል። ስድስት ምርጫዎች የማያልቁትን ቃላት ሁሉ ዕጣ ወሰኑ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቦታ ላይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይመጣም? አይመጣም። ግጭት ሊፈጠር የሚችለው አንድ አባል በሁለት መልክ ተጽፎ ሁለቱ መልኮች ወደተለያየ ቦታ ሲላኩ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ጽሑፎች አንድ የሚሆኑት ግን በመሰረዝ ብቻ ነው፤ አንድን አባል ከተቃራኒው ጋር አጣምሮ ማጥፋት ደግሞ በየትኛውም ግሩፕ የሚሠራ ነው። የሒሳብ ሰዎች የነጻ ግሩፕ ሁለንተናዊ ባሕርይ የሚሉት ይህንን ነው፦ ፊደላቱን ወደ የትኛውም ግሩፕ እንዳሻዎ ይላኩ፤ ምርጫዎን ማጣመርን ሳያፋልስ ወደ ቃላቱ ሁሉ የሚያደርስ መንገድ ሁልጊዜ አለ፤ መንገዱም አንድ ብቻ ነው። መኖሩ የሚመጣው ፊደላቱ ዕዳ ስለሌለባቸው ነው። አንድ ብቻ መሆኑ የሚመጣው ቃል ሁሉ ከፊደላቱ ስለተሠራ ነው።

አሁን ከወረቀቱ ወደ ኪዩቡ እንሻገርና ያንኑ እንሞክር። በኪዩቡ እንቅስቃሴዎች ግሩፕ ውስጥ Rን ወደ 1፣ ሌሎቹን ወደ 0 መላክ ብንፈልግ ወዲያው እንሰናከላለን። RRRR ምንም አለማድረግ ስለሆነ ወደ 0 መሄድ አለበት፤ በእኛ ምርጫ ግን ወደ 4 ይሄዳል።

ምናልባት ጥፋቱ የመድረሻው ነው ብለን ከ3 ቀጥሎ ወደ 0 በሚመለሰው የ0፣ 1፣ 2፣ 3 ቆጠራ እንተካው። እዚያ 4 እና 0 አንድ ስለሆኑ የRRRR ዕዳ ተከፈለ። ምርጫችን ግን አሁንም አይሠራም። ምክንያቱ በዓይን የማይታይ ነው፦ በኪዩቡ ላይ ቀኙን ገጽ ፈጽሞ ሳይነኩ፣ ሌሎቹን አምስት ገጾች ብቻ በማዞር Rን የሚያክል እንቅስቃሴ ማድረግ ይቻላል። አምስቱ ወደ 0 ከተላኩ Rም የግድ ወደ 0 ይሄዳል። የሚሳሳቱ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የሚታየውን ዕዳ ከፍለው የተደበቀውን ይረሳሉ።

ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኘውም ያው ሁለንተናዊ ባሕርይ ነው። በወረቀት ላይ ያለችውን R ወደ ኪዩቡ R፣ የወረቀቱን U ወደ ኪዩቡ U፣ ሌሎቹንም እንዲሁ ስንልክ ማለቂያ የሌላቸው ቃላት በኪዩቡ 43,252,003,274,489,856,000 ሁኔታዎች ላይ ይተኛሉ። ብዙ ቃላት አንድ ቦታ መውደቃቸው አይቀርም። RUR⁻¹U⁻¹ ስድስት ጊዜ ሲደገም ኪዩቡን እንደነበረ ይመልሰዋል፤ RU ግን ወደ መነሻው ለመመለስ 105 ጊዜ መደገም ይፈልጋል። ምንም ለውጥ የማያመጡት ቃላት ስብስብ የኪዩቡ ሙሉ የዕዳ መዝገብ ነው። ነጻውን ግሩፕ ወስዶ እነዚህን ቃላት ባዶ ናቸው ብሎ ማወጅ የኪዩቡን ግሩፕ ይሰጠናል። ማንኛውም ግሩፕ በዚህ መንገድ፣ በፊደላትና በዕዳዎች፣ ሊጻፍ ይችላል፤ አጻጻፉን በ1882 ወግ ያስያዘው ጀርመናዊው ቫልተር ፎን ዲክ ነበር።

ዕዳዎቹ ከታወቁ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በነጻ ግሩፕ ውስጥ ሁለት ቃላት አንድ መሆናቸውን ለማወቅ መሰረዝና ማወዳደር ይበቃል። ዕዳ ሲጨመር ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ማክስ ዴን በ1911 ይህን ጥያቄ ለማንኛውም ግሩፕ አነሳው፤ በ1955 ሩሲያዊው ፒዮትር ኖቪኮፍ ለቁጥር በሚታክቱ ሳይሆን ውስን በሆኑ ዕዳዎች የተጻፈ፣ ነገር ግን ሁለት ቃላት አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ የሚለይ ስሌት ሊኖረው የማይችል ግሩፕ መኖሩን አረጋገጠ። የኪዩቡ ግሩፕ ውስን ስለሆነ ከዚህ አደጋ ይድናል፤ ሁለቱን ቃላት በሁለት ኪዩቦች ላይ አዙሮ ማየት ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው የግሩፕ ፊደላትን ወደ ሌላ ቦታ ልኮ «ቀሪው በራሱ ይከተላል» ሲልዎት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ፊደላቱ ዕዳ አለባቸው? ከሌለባቸው ንግግሩ ትክክል ነው። ካለባቸው ግን እያንዳንዱ ዕዳ በመድረሻው ላይ መከፈሉን ሳያሳይ አይመኑት።